ዲኮደሩ ፍኖተ ሰላም፣ ዕዳው ቨርጂኒያ

«ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ ግሮሰሪ አለችኝ። ልጄ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። በዲሽ ለሚያየው ቴሌቪዥን ካቻምና ነሐሴ የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ ነበር፤ በወር 90 ዶላር ይከፍላል። ሊያቋርጥ ሲያስብ ሁለቱን ዲኮደሮች ‹እማዬ ትይባቸው› ብሎ ለገና በመጣችው እህቴ ላከልኝ። እዚህ ግን አልሠሩም። ጥር 5 ቀን ውሉን አቋረጠ። አሁን 320 ዶላር ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣበት፤ ከዚያ ውስጥ 180ው የዕቃ ነው ይላል። የጎረቤቴ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ወደዚያው ትሄዳለች። ትውሰዳቸው ወይስ ጊዜው አልፏል? ልጄ ‹ተይው፣ እከፍለዋለሁ› ይላል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።»
የግሮሰሯ እናት፣ ከፍኖተ ሰላም

እናቴ፣ ትውሰዳቸው። የመመለሻው ቀን አልፏል፤ የ180 ዶላሩ ነገር ግን ገና አላለቀለትም። እንዲያውም ከ320 ዶላሩ ውስጥ ሊነሳ የሚችለው ይሄ 180ው ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳዎት። ከዚያ እርስዎ ፍኖተ ሰላም ሆነው፣ ልጅዎ ደግሞ እዚያ ሆኖ የምታደርጉትን እነግርዎታለሁ።

እርስዎ ግሮሰሪ ስላለዎት ነገሩ አይከብድዎትም። ቢራ ሲያስመጡ ቢራው ይሸጣል፤ ጠርሙሱና ሳጥኑ ግን የእርስዎ አይደለም። ባዶውን ካልመለሱ ሒሳቡ እርስዎ ላይ ነው። የልጅዎም ዲኮደሮች እንደ ቢራ ሳጥኑ ናቸው። አሜሪካ ያሉት ትልልቆቹ የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅቶች፣ ዳይሬክቲቪም ሆነ ዲሽ ኔትወርክ፣ ዲኮደሩን በአብዛኛው አይሸጡም፤ ያከራያሉ። ደንበኛው በየወሩ ሲከፍል ስለኖረ የገዛው ይመስለዋል። ልጅዎም የመሰለው ይሄው ነው። በእናት ፍቅር የተላከ ዕቃ ነው፤ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ግን አሁንም የድርጅቱ ንብረት ነው።

እዚህ አገር ቤት የለመድነው ሌላ ስለሆነ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኛ ዲኮደሩን ከሱቅ በገንዘባችን እንገዛለን፤ ከዚያ የወሩን ካርድ እንሞላለን። ሳንሞላ ከቀረን ቻናሉ ይዘጋል፤ ዲኮደሩ ግን የኛው ነው፣ ማንም መጥቶ አይጠይቀንም። እዚያ ግን መክፈል ማቆምና ውል ማቋረጥ ለየቅል ናቸው። ውል ማቋረጥና ዕቃ መመለስም እንደዚሁ ሁለት ነገር ነው። ልጅዎ የመጀመሪያውን በትክክል አድርጓል። የቀረው ሁለተኛው ነው።

አሁን 320 ዶላሩን ለሁለት እንክፈለው። 180ው የዕቃ ከሆነ የሚቀረው 140 ነው። ይሄ 140 ከየት መጣ? እነዚህ ድርጅቶች የ24 ወር ውል ላፈረሰ ሰው ሲያስከፍሉ የኖሩት፣ ለቀረው ለእያንዳንዱ ወር 20 ዶላር ነው። 140ን ለ20 ሲያካፍሉ 7 ይመጣል። ልጅዎ ካቻምና ነሐሴ ፈርሞ ጥር ላይ ካቋረጠ 17 ወር ጨርሷል፤ ከ24ቱ 7 ቀርቶታል። ሒሳቡ ልክ ነው ማለት ነው። ይሄን ማጣራት ከንቱ ድካም አይደለም። አንዳንዴ ደንበኛው በመሃል ዲኮደር ሲያስቀይር ወይም ቤት ሲለውጥ ሳያውቀው አዲስ የ24 ወር ውል ይጀመርበታል። ያን ጊዜ የማቋረጫው ገንዘብ ከጠበቀው በላይ ይሆናል። እርስዎ ጋ እንዲህ አልሆነም። ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል።

ስለዚህ 140ው የውል ማፍረሻ ነው። ዲኮደሮቹ ነገ ጠዋት ቨርጂኒያ ቢደርሱም እሱ አይነሳም። ልጅዎ ግን በዚህ የተጎዳ አይምሰልዎት። ሰባቱን ወር በ90 ዶላር ቢጨርስ 630 ዶላር ይከፍል ነበር። 140 ከፍሎ መውጣቱ ይሻለዋል። እዚህ ላይ አትከራከሩ፤ ይክፈለው። 180ውን ግን እንያዘው።

ጊዜው አልፏል ያልኩት በዚህ ሒሳብ ነው። ድርጅቶቹ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ የሚሰጡት የመመለሻ ጊዜ አጭር ነው። ዳይሬክቲቪ 21 ቀን፣ ዲሽ ኔትወርክ 30 ቀን ሲሰጡ ነው የማውቀው። ትክክለኛው በልጅዎ ውል ላይ ተጽፏል። ጥር 5 በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 13 ነው። ከዚያ 21 ቀን ሲቆጠር ፌብሩዋሪ 3 ይመጣል፤ በኛ ጥር 26 መሆኑ ነው። ይሄን በኛ እና በእነሱ እየመነዘርኩ የጻፍኩልዎት በምክንያት ነው። ከልጅዎ ጋር በስልክ ስታወሩ እርስዎ «ጥር 26» ሲሉ እሱ በእነሱ 26 ብሎ ሊይዘው ይችላል። ቀን ስትነጋገሩ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጥሩ።

የመመለሻው ቀን ሲያልፍ ድርጅቱ ዕቃውን እንደጠፋ ቆጥሮ ዋጋውን ሒሳቡ ላይ ይጭናል። ይሄ ቅጣት ሳይሆን የዕቃው ዋጋ ነው። ለዚህም ነው ዕቃው ዘግይቶም ቢሆን ሲደርስ ገንዘቡን ለማስነሳት መጠየቅ የሚያስኬደው። ዕቃውንም ዋጋውንም ይዞ መቆየት ለነሱም ለማስረዳት ይከብዳቸዋል። በራሱ ግን ላይነሳ ይችላል። መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በወረቀትም መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት ልምጣ።

ዲኮደሮቹ እዚህ ለምን እንዳልሠሩ ይወቁ፤ ሰው «ትንሽ ቢነካካ ይሠራል» እንዳይልዎት። የእኛ ዲሾች የሚያዩት ናይልሳትን ነው፣ ወይም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን የኢትዮሳት ሳተላይት ነው። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ ሁለቱም ከጎጃም ሰማይ ላይ ይታያሉ። የአሜሪካዎቹ ሳተላይቶች ግን የቆሙት በአሜሪካ በኩል፣ 100 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ነው። ከፍኖተ ሰላም ሲታይ ያ ቦታ ከአድማስ በታች ነው። መሬቱ ራሱ ይጋርደዋል። ዲሹን ጣሪያ ላይ ቢያዞሩት፣ ትልቅ ዲሽ ቢገዙ፣ ጮቄ ተራራ ላይ ቢወጡ አያገኙትም። ዲኮደሩ ደግሞ ለሌላ ሳተላይት አይሆንም፤ ለዚያ ድርጅት ብቻ ተብሎ የተቆለፈ ነው። ስለዚህ ለማንም የዲሽ ሠራተኛ እንዳይሰጡት። ከፍቶ ካየው በኋላ የሚመለሰው የተፈታ ዕቃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። «አልሠሩም» ያሉት ሰክተዋቸው ነው? የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220 ነው። የመብራቱን ገመድ ጥቁር ሳጥን (አስማሚውን) ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ፤ የሚያነብልዎት ሰውም ይጥሩ። `INPUT` ከሚለው ቃል ጎን `100-240V` ከተጻፈ ምንም አልሆነም። `120V` ብቻ ከተጻፈ ግን ለኛ መብራት አይሆንም፤ ሊቃጠል ይችላል። ቃጠሎ ከሸተተዎት ወይም ሳጥኑ ከጠቆረ ልጅዎ ይወቀው። ቢቃጠልም ግን መመለሱን አይተዉት። «አልተመለሰም» ከመባል «ተመልሷል፣ ተበላሽቷል» መባል በጣም ይሻላል። ከአሁን በኋላ ግን ደግመው አይሰኩት።

ቀጥሎ ዲኮደሮቹን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ጀርባቸውን ወይም ሆዳቸውን ይዩ። ነጭ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ብዙ ቁጥርና ጥቋቁር መስመሮች አሉበት። ከቁጥሮቹ አንዱ `S/N` ይላል፤ መለያ ቁጥሩ እሱ ነው። በሌላ መስመር `RID` የሚል ሊኖር ይችላል፤ እሱም የዲኮደሩ ሌላ መለያ ነው። ድርጅቱ ዲኮደሩን የሚያውቀው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ያ ወረቀት ከተላጠ ዲኮደሩ ስሙን አጣ ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት፤ ፕላስተርም አይለጥፉበት።

ስልክ ያለው ልጅ ጠርተው የሁለቱንም ወረቀት ፎቶ ያስነሱ። ቁጥሩ እንዲነበብ በቀን ብርሃን ይሁን፣ በር ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ዲኮደሮቹን ከነገመዳቸው አንድ ላይ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ያስነሱና ሁሉንም ለልጅዎ በቴሌግራም ይላኩለት። ኔትወርኩ ካስቸገረዎት ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈው በስልክ ያንብቡለት። እሱ የሚያደርገው ትልቅ ሥራ አለ፤ በመጣለት ደብዳቤ ላይ ከተዘረዘሩት ቁጥሮች ጋር ያመሳክራል። ደብዳቤው የሚጠይቀው እነዚህን ሁለቱን ነው? ወይስ ሦስተኛ አለ? ከዝርዝሩ ውጪ የሆነውን ማንም አያስከፍለውም። በዝርዝሩ ያለውን ግን አንድ በአንድ ይጠይቁታል።

ይሄን አጥብቄ የምነግርዎት በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ሜሪላንድ ስኖር ቤት ስለውጥ ሁለት ዲኮደር ይዤ ዕቃ መቀበያው ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ተቀበለኝ፣ በማሽን አነበበ፣ አንድ ቀጭን ወረቀት ሰጠኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ወረቀቱን አላነበብኩትም። ከሁለት ወር በኋላ «አንዱ አልተመለሰም» የሚል ደብዳቤ መጣ። ልጁ የመጀመሪያውን ሳጥን ብቻ ነበር በማሽን ያነበበው። ሁለተኛው ዲኮደር ድርጅቱ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ስሙ ግን አልተመዘገበም። ያዳነኝ ስልኬ ላይ የቀረ ፎቶ ነበር። ዕቃውን ስሸክፍ ባለቤቴ የጀርባውን ወረቀት አንስታው ነበር። ቁጥሩን ስነግራቸው ፈልገው አገኙት። ያም ሆኖ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ዕቃ ሲመልስ ሳይ «ቁጥሩን ቆጠርክ?» ሳልል አላልፍም።

ወደ አደራው እንሂድ። የጎረቤትዎ ልጅ ዕቃውን ስትቀበል እንድትፈራ አታድርጓት። ማንም ተጓዥ የተጠቀለለና የታሰረ ኤሌክትሮኒክስ ይዞ ለመሄድ ይሰጋል፤ ልክም ነው። ፊት ለፊቷ ክፈቱና አሳዩዋት። ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥ በቃል ብቻ ሳይሆን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጻፉላት። ቦሌ ላይ ቢጠይቋት የምታሳየው ነገር ይኖራታል። ከቻለች በእጅ ሻንጣዋ ትያዘው። ከሁለቱ ትልቁ ዲኮደር ፊልም የሚቀዳ ከሆነ ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለ፤ መወርወር አይወድም። በሪሞቱ ውስጥ ያለውን ባትሪ አውጡት፤ መንገድ ላይ ከፈሰሰ ሪሞቱን ይበላዋል።

እንደ እናት ደግሞ አውቅዎታለሁ፤ በዚያው ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤም ይልካሉ። ይላኩ። ከዲኮደሩ ጋር ግን አንድ ላይ አይሁኑ። ዲኮደሩ ጎኑ ላይ ለመተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉት፤ የቀለጠ ቅቤ ወይም የበርበሬ ብናኝ በዚያ ከገባ አይወጣም። በንጹሕ ነጠላ ወይም ፎጣ ጠቅልለው ለብቻው በፌስታል ያድርጉት።

በፖስታ ወይም በፈጣን መልእክተኛ ብልከውስ ብለው አስበው ይሆናል። እኔ አልመክርም። ድርጅቱ ለደንበኛው የሚሰጠው መላኪያ የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚህ ብትልኩ ሙሉ ወጪው የእርስዎ ነው፤ በክብደት ስለሚታሰብ የ180 ዶላሩን ትርፍ ሊበላው ይችላል። ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ፣ ዓባይን ተሻግሮ ያለው መንገድም እንደምታውቁት አንዳንዴ ይከፈታል አንዳንዴ ይዘጋል። ልጅቷ ለመብረር ወደ አዲስ አበባ ስትወርድ አብሯት ይውረድ። መንገዱ እንዳያዘገያት ቀደም ብላ እንድትወጣ ይንገሯት።

የእርስዎ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለው የልጅዎ ነው፤ ውሉ በስሙ ስለሆነ እርስዎ ብትደውሉም አያናግሩዎትም።

ልጅዎ ዲኮደሮቹ እስኪደርሱ ተቀምጦ አይጠብቅ። አሁኑኑ ይደውልላቸው ወይም በድረ ገጻቸው ይጻፍላቸው። የሚለው ቀላል ነው፤ «ሁለቱም ዲኮደሮች አሉ፣ ቤተሰብ ጋ ናቸው፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ፤ እስከዚያ የዕቃውን ሒሳብ ለዕዳ ሰብሳቢ አትስጡብኝ»። ውሸት መጨመር አያስፈልገውም። ያናገረውን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጉዳይ ቁጥር ካለ ቁጥሩን ይጻፍ። ከተቻለ በጽሑፍ እንዲልኩለት ይጠይቅ። ለዲኮደሮቹ የሚሰጠው ቀን ልጅቷ ከምትደርስበት ቢያንስ አንድ ሳምንት ዘግየት ያለ ይሁን። በረራ ይለወጣል።

በዚያው ስልክ ሌላም ይጠይቅ። ክፍያው በራሱ ከባንክ ካርዱ የሚቆረጥ ከነበረ 320ው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ደብዳቤውን አይቶ «ገና አልከፈልኩም» ይላል፤ ካርዱ ግን ከፍሏል። የባንክ ሒሳቡን ይይ። ካልተቆረጠ 140ውን ከፍሎ ለዕቃው ያለውን ብቻ ያስቀር፤ ከተቆረጠ ደግሞ 180ው እንዲመለስለት ነው የሚጠይቀው።

ዲኮደሮቹ ሲደርሱት አንድም ቀን አያሳድር። ድርጅቱ ዕቃ የሚቀበልበት ሱቅ የት እንደሆነ ከደብዳቤው ላይ ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ ፌዴክስ ወይም ዩፒኤስ ሱቆች ናቸው። የውል ቁጥሩን ይነግራቸዋል፤ እነሱ በማሽን አንብበው፣ ካርቶን ውስጥ ከተው ይልካሉ። ሌላ ድርጅት ከሆነ ባዶ ካርቶንና የተከፈለበት አድራሻ ወረቀት ይልክለታል። በየትኛውም መንገድ ይሁን የሚሰጠው ደረሰኝ ላይ መከታተያ ቁጥር አለ። ሱቁ ውስጥ ቆሞ ያንብበው። ሁለት ዲኮደር ሰጥቶ ከሆነ ሁለቱም ተመዝግበዋል? አንድ ብቻ ካየ አይውጣ። ከዚያ ደረሰኙን ፎቶ ያንሳ፤ የሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ስለሚጠፋ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።

ስለ ጣሪያው ዲሽ አትጨነቁ፤ ጣሪያ ላይ የተተከለውን ሳህን ብዙውን ጊዜ አይፈልጉትም። ዲሽ ኔትወርክ ግን ከሳህኑ ፊት የምትቆመዋን ኤልኤንቢ ይጠይቃል። ልጅዎ የዚያ ድርጅት ደንበኛ ከሆነና ቤቱን ከለቀቀ ይሄን ቀድሞ ይጠይቅ። ጣሪያ ላይ ራሱ አይውጣ፤ ማውረድ እንደማይችል ነግሮ ምን ማድረግ እንዳለበት በጽሑፍ ይጠይቃቸው።

ከዚያ የሚቀረው መጠበቅ ነው። ዕቃው መጋዘን ደርሶ፣ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ሒሳቡ እስኪነሳ አንድ ሁለት የወር ሒሳብ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ መሃል ሌላ የክፈል ደብዳቤ ቢመጣ አይደንግጥ፤ ዝም ብሎ ግን አይጣለው። መከታተያ ቁጥሩን አያይዞ ይመልስላቸው። ሁለት ወር አልፎ 180ው ካልተነሳ ወይም «ዘግይተሃል፣ አንመልስም» ካሉት፣ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ጋ በኢንተርኔት አቤቱታ ማስገባት ይችላል። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም አያስፈልገውም። ኮሚሽኑ አቤቱታውን ለድርጅቱ ይልከዋል፤ ድርጅቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እዚያ ላይ የሚጽፈው አጭር ይሁን። የተቋረጠበት ቀን፣ የሁለቱ ዲኮደሮች ቁጥር፣ የተላኩበት ቀን፣ የመከታተያ ቁጥሩ፣ የሚጠየቀው ገንዘብ። እናቱ ጎጃም መሆኗንና የተላከበትን ምክንያት ማስረዳት አያስፈልገውም።

ነገሩ ከዚያ በፊት ለዕዳ ሰብሳቢ ከተላለፈ ግን ቀን ይቆጠርበታል። የዕዳ ሰብሳቢው የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከደረሰው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳውን አላምንበትም፣ አረጋግጡልኝ» ብሎ በጽሑፍ ከላከ፣ እስኪያረጋግጡ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለባቸው። በስልክ መናገር ይሄን አያስገኝም፤ በጽሑፍ ነው። ልጅዎ «ተይው፣ እከፍለዋለሁ» ማለቱ ከፍቅር ነው፤ ለእርስዎ እንዳይከብድዎት ብሎ ነው። ግን ሳይከፍልም ሳይመልስም ከቆየ የሚጎዳው እሱ ነው። እዚያ ቤት ሲከራይ፣ መኪና ሲገዛ የዕዳ ታሪኩን ያዩታል። የ180 ዶላር ዕዳ እዚያ ላይ ከተመዘገበ ዋጋው ከ180 በላይ ይሆናል።

የጎረቤትዎ ልጅ ሀሳቧን ብትቀይር ወይም በረራዋ ቢራዘምስ? ያኔ ለልጅዎ ወዲያው ይንገሩት። እሱም ለድርጅቱ ሌላ ቀን ይንገራቸው። ቀን ሰጥቶ ማለፍ፣ ቀን ሳይሰጡ ከመቆየት ይብሳል። ልጅቷም ጨርሶ ከቀረች፣ ሌላ የታመነ ሰው እስከ መስከረም ድረስ እንኳ ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ ልጅዎ 180ውን ከፍሎ ነገሩን ይዝጋው። እስከዚያ ግን ተስፋ አለው።

ለልጅዎ በቴሌግራም የሚልኩትን አጭር መልእክት ጽፌልዎታለሁ። እንዳለ ገልብጠው ይላኩለት፤ ክፍት ቦታውን ብቻ ይሙሉ።

«ልጄ፣ ዲኮደሮቹን የጎረቤታችን ልጅ ይዛልህ ትመጣለች። የምትደርሰው ሚያዝያ … ነው፤ በእናንተ ኤፕሪል …። የጀርባቸውን ወረቀት ፎቶ ልኬልሃለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር አመሳክር። ዛሬ ደውልላቸውና እንደምትመልስ ንገራቸው፤ ማንን እንዳናገርክ ጻፍ። ካርድህ ላይ 320ው ተቆርጦ እንደሆነ እይ፤ ካልተቆረጠ 140ውን ክፈል። ከተቆረጠ 180ው እንዲመለስልህ ጠይቅ። ስትመልስ ደረሰኙ ላይ ሁለቱም መኖራቸውን ሳታይ ከሱቁ አትውጣ፤ ፎቶውን ለኔም ላክልኝ። በርበሬው ከዲኮደሩ ለብቻ ነው የተጠቀለለው።»